የምርት ምስል ፕሮምፕት
የምርት ምስል ፕሮምፕት ሰው ሠራሽ አስተውሎት የአንድን ሸቀጥ ምስል እንዲሠራ የሚሰጠው የጽሑፍ ትእዛዝ ነው። አሠራሩ የተስፋፋው ሚድጆርኒና ስቴብል ዲፊውዥን የተባሉት የምስል ሞዴሎች ለሕዝብ ከቀረቡበት ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። የተለመደው ቅደም ተከተል ምርት፣ ቦታ፣ ብርሃን፣ ካሜራና ስልት ሲሆን፣ ለአንድ ጀበና እንዲህ ይጻፋል፦ «አንገተ ረጅም ጥቁር የሸክላ ጀበና፤ በእንጨት ጠረጴዛ ላይ፣ ከኋላው ግራጫ ግድግዳ፤ ከግራ የሚገባ ለስላሳ የመስኮት ብርሃን፤ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በጀበናው ቁመት ልክ፤ የካታሎግ ፎቶ»። ምርቱ የሚቀድመው ትእዛዙ ሲረዝም መጨረሻው ሊዘነጋ ስለሚችል ነው፤ በስቴብል ዲፊውዥን የመጀመሪያ ስሪቶች ከ77 የቃል ቁራጮች ያለፈው ይቆረጥ ነበር። ብርሃን ካልተጠቀሰ ሞዴሉ በራሱ ይመርጣል፤ የጥላው አቅጣጫ ከምስል ምስል መለያየቱ የዚህ ምልክት ነው።