የመዝጊያ ኢሜይል

ሦስት አራት ዙር ቃለ መጠይቅ ተደርጎ ሪክሩተሩ ድምፁን ሲያጠፋ ሥራ ፈላጊው የሚልከው የመጨረሻ ትሁት መልእክት በእንግሊዝኛ «ብሬክአፕ ኢሜይል» ይባላል። ስሙ የመጣው ከሽያጭ ሠራተኞች ነው፤ መልስ ለነፈጋቸው ደንበኛ የሚልኩትን የመጨረሻ ደብዳቤ እንዲህ ይሉታል። በአማርኛ «የመዝጊያ ኢሜይል» ብንለው ይበቃል።

ዝምታው ሁልጊዜ ንቀት አይደለም። ብዙ ጊዜ ድርጅቱ ለአንደኛው ተወዳዳሪ የሥራ ውል ልኮ ፊርማ እየጠበቀ ነው፤ ሁለተኛውን «አልፈለግንህም» እንዳይለው ምናልባት ይፈልገዋል፣ «ጠብቅ» እንዳይለው ደግሞ ተጠባባቂ መሆኑን መንገር ይሆንበታል። አንዳንዴም በጀቱ ታግዷል፣ ወይም ሪክሩተሩ ራሱ ሥራ ለቋል።

ቶሮንቶ ውስጥ ለሶፍትዌር ሞካሪነት የተወዳደረች ሴት እናስብ። የመጨረሻው ቃለ መጠይቅ ማርች 3 ነበር፤ «በሳምንት እናሳውቅሻለን» ተባለች። ማርች 12 አንድ ጊዜ፣ ማርች 24 ሁለተኛ ጊዜ ጠየቀች፤ መልስ የለም። ኤፕሪል 2 ደግሞ፣ አዲስ ርእስ ሳትከፍት፣ በዚያው የቆየ የኢሜይል ልውውጥ ሥር ይህን ጻፈች፦

«ጤና ይስጥልኝ። ለሶፍትዌር ሞካሪነት ቦታ ማርች 3 ከቡድን መሪው ጋር ተነጋግረን ነበር። እስካሁን ስላልሰማሁ በሌላ ሰው እንደቀጠላችሁ እገምታለሁ፤ ከዚህ በኋላ አላስቸግርዎትም። ጉዳዩ ገና ክፍት ከሆነ ግን ፍላጎቴ እንዳለ ነው፤ አንድ መስመር ቢጽፉልኝ ይበቃኛል። ለሰጣችሁኝ ጊዜ አመሰግናለሁ።»

እዚህ ላይ ዋናው ቃል «እገምታለሁ» ነው። «ማመልከቻዬን አንስቻለሁ» ብትል ኖሮ ሪክሩተሩ በምልመላ ሶፍትዌሩ ላይ «ራሷ ወጣች» ብሎ ፋይሉን ይዘጋው ነበር፤ አንደኛው ተወዳዳሪ ውሉን ባይፈርም እንኳ ስሟ ከተጠባባቂዎች መካከል አይገኝም ነበር። ወቀሳም፣ የሌለ ሌላ የሥራ ዕድል እያነሱ ማስፈራራትም አያዋጣም። እውነተኛ ሌላ ዕድል ካለ ግን የመዝጊያ ኢሜይል ጊዜው አይደለም፤ መልስ የሚያስፈልግበትን ቀን ጠቅሶ በግልጽ መጻፍ ይሻላል። «ይህ ሰው ከዚህ ድርጅት ለቋል» የሚል አውቶማቲክ መልስ ከመጣ ደግሞ ያንኑ ደብዳቤ ለቡድን መሪው መላክ ነውር የለውም።

የኦንታሪዮ ነዋሪ አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቅ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ፣ በይፋ ላስተዋወቀው ቦታ ቃለ መጠይቅ ያደረገለትን ሰው ውሳኔ ተሰጥቶ እንደሆነ ከመጨረሻው ቃለ መጠይቅ በኋላ በ45 ቀን ውስጥ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ለዚህች ሴት ቀኑ ኤፕሪል 17 ነው። ሕጉን በደብዳቤው ውስጥ መጥቀስ ግን አልመክርም፤ ተጠባባቂነቱን ወደ ክርክር ይለውጠዋል። ቀጣሪው የመረጠውን ሰው ስም ወይም እርስዎ የቀሩበትን ምክንያት እንዲናገርም ይህ ድንጋጌ አያስገድደውም።