ፊቱ ሳይነካ ልብሱ የተለወጠ ሰው
(በታሪክ ክበብ የተዘጋጀ)

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ለታሪክ ክበባችን አንድ ግድግዳ ተሰጠን። በግድግዳውም ላይ በከሚሴና በአካባቢዋ ሕዝቡን ሲያገለግሉ የኖሩ ሰዎችን ፎቶግራፍ በየሥራ ልብሳቸው እንድንሰቅል ታዘዝን። ትእዛዙ ቀላል መስሎን ነበር። ነገር ግን ቤት ለቤት ስንዞር የተረዳነው፣ ያገራችን ሰው በሥራ ልብሱ ፎቶግራፍ የመነሣት ልማድ እንዳልነበረው ነው። ፎቶግራፍ የሚነሣው ለበዓል፣ ለሠርግ ወይም መንገደኛ ካሜራ ይዞ ሲመጣ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሥራ ልብሱ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል።

ከነዚህ አንዱ ለሠላሳ ዓመት ያህል በድሬሰርነት ያገለገሉ የአንድ ጓደኛችን አያት ናቸው። በአካባቢው ቁስሉ በእጃቸው ያልታሰረለት ሽማግሌ ጥቂት ነው ይባላል። ሆኖም ከርሳቸው የቀረው አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ሲሆን፣ እሱም 9 በ12 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ በቤታቸው በር ላይ ቆመው በሽርጥና በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ የተነሡት ነው። ራሳቸውን ወደ ግራ ትከሻቸው ጥቂት ዘንበል አድርገው፣ አፋቸው ሳይከፈት በዓይናቸው ይሥቃሉ። ባለቤታቸው እናታችን «ሁሉም የሚያውቃቸው በነጩ ጋዋን ነው፤ እናንተ ከሰቀላችሁ በጋዋኑ ስቀሏቸው» አሉን። እኛም ይህ የሚሆን ነገር እንደሆነ ለማወቅ የሙያውን ታሪክ ጠየቅን።

በሰው ፎቶግራፍ ላይ ልብስ መለወጥ ኮምፒውተር ያመጣው ነገር አይደለም። ቀላሉ መንገድ ፎቶግራፍ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠለው ኮትና ከራባት ነበር። ደንበኛው ከወገቡ በላይ ኮቱን ይደርባል፤ ከወገቡ በታች ሽርጡን እንደታጠቀ ይቀመጣል፤ ካሜራውም ከደረቱ በታች አያይም። ሁለተኛው መንገድ የቀለም ሥራ ነው። የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ በእጅ ቀለም ሲቀባ፣ ፊቱ ከሥር ያለው ጥላ እንዲታይ ስስ በሆነ ቀለም ይታሻል፤ ልብሱ ግን በወፍራም ቀለም ሊሸፈንና ሌላ ልብስ ሊሣልበት ይችላል። በአገራችን የፎቶግራፍ ታሪክ ስማቸው የታወቀው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸውም ይህንኑ ሙያ ቀጥለዋል።

ሦስተኛው መንገድ ምላጭ ነው። ራሱ ከአንድ ፎቶግራፍ፣ አካሉ ከሌላ ይቆረጣል። የተቆረጠው ወረቀት ጠርዝ ጥላ እንዳይጥል ከጀርባው በብርጭቆ ወረቀት እየተፋቀ ይሳሳል፤ ከተለጠፈ በኋላ መጋጠሚያው በቀለም ይደበቅና ሁሉም ባንድነት እንደገና ፎቶግራፍ ይነሣል። የዚህ ሥራ የታወቀ ምሳሌ በአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው «ጄኔራል ግራንት በሲቲ ፖይንት» የተባለው ፎቶግራፍ ነው። ጄኔራሉ በፈረስ ላይ ሆነው ከጦር ሰፈሩ ፊት ይታያሉ። ሲመረመር ግን ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1864 በኮልድ ሃርበር ከተነሡት ፎቶግራፍ፣ ፈረሱና የለባሹ አካል ከጄኔራል ማክኩክ ፎቶግራፍ፣ ከኋላ ያለው ሰፈር ደግሞ በፊሸርስ ሂል ከተማረኩት ወታደሮች ፎቶግራፍ የመጡ ናቸው። ገጣጥሞ ያወጣው ሌቪን ሃንዲ ሲሆን የባለቤትነት መብቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ፊቱ የግራንት መሆኑ እውነት ነው፤ የደንብ ልብሱም የእውነተኛ ጄኔራል ልብስ ነው። ነገር ግን አንገቱን ልብ ብሎ የሚመለከት ሰው ራሱ ከትከሻው ጋር እንዳልተስማማ ያያል።

ወደ ወሎ ስንመለስ ደግሞ የበለጠ የሚከብድ ነገር እናገኛለን። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ ልጅ ኢያሱ፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በተሻሩበት ወቅት፣ ጥምጣም ጠምጥመው የሚያሳይ ፎቶግራፍ በመኳንንቱ ዘንድ ይዞር እንደነበረ ይተረካል፤ ተገጣጥሞ የተሠራ ነው የሚሉም ጸሐፊዎች አሉ። በአንድ ሰው ራስ ላይ የተደረገ ልብስ የዚያን ያህል ሊናገር ይችላል። ይህን ካነበብን በኋላ የድሬሰሩን ፎቶግራፍ ለመለወጥ ጥቂት ፈራን፤ ከክበባችንም አንዳንዶች ጨርሶ አይነካ አሉ። በመጨረሻ የተስማማነው እርሳቸው በእርግጥ ለብሰውት የኖሩትን ልብስ ብቻ እንድናለብሳቸውና የተሠራ መሆኑንም በጽሑፍ እንድንገልጥ ነው።

ፎቶግራፉን ይዘን ወደ አንድ ፎቶግራፍ ቤት ሄድን። ባለሙያው ወጣት ነው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ኮት፣ የዘበኛ ልብስ፣ የነርስና የሐኪም ጋዋን በየዓይነቱ አስቀምጧል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሥራውን ጨርሶ አሳየን። ለኛ በጣም ያማረ መሰለን። እናታችን ግን ብዙ ጊዜ ከተመለከቱት በኋላ ወረቀቱን መለሱልንና «ልጆቼ፣ እሳቸው እስኪርቢቷቸውን በግራ ደረት ኪስ ነበር የሚሰኩ፤ ይሄ ሰውዬ ኪሱ በቀኝ ነው። ደግሞ ይሄ ሰው በኔ ላይ ይሣለቅብኛል፤ እሳቸው አይሣለቁም ነበር» አሉን።

እናታችን ፊደል አልቆጠሩም፤ ሆኖም በሁለት ዓረፍተ ነገር የሥራውን ስሕተት ሁሉ ነገሩን። ኪሱ በቀኝ የሆነበት ምክንያት እንደሚከተለው ነው። በአሮጌው ፎቶግራፍ ፀሐይ የመጣችው ከሰውዬው በስተግራ ነው፤ የአፍንጫቸው ጥላ በቀኝ ጉንጫቸው ላይ ወድቋል። በኮምፒውተሩ የነበረው ጋዋን ግን ብርሃኑ ከቀኝ ነበር። ባለሙያው ብርሃኑን ለማስማማት ጋዋኑን እንደ መስተዋት ገለበጠው፤ በዚህ ጊዜ ኪሱም የቁልፉ አዘጋግም አብረው ተገለበጡ።

የፈገግታው መጥፋት ደግሞ ሁለት ምክንያት ነበረው። አንደኛው፣ ጋዋኑን የለበሰው እንግዳ ሰው ቀጥ ብሎ የቆመ ስለሆነ፣ ባለሙያው ዘንበል ያለውን ራስ አቃንቶ ማስቀመጡ ነው። ከንፈሩ አልተነካም፤ ሆኖም ዘንበል ባለ ራስ ላይ የደግነት የሆነው ግማሽ ፈገግታ በቀጥተኛ ራስ ላይ የፌዝ ሆነ። ሁለተኛው፣ የፎቶግራፉን እርጅና ለማስወገድ ፊቱን በኮምፒውተር ማለስለሱ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ የልብ ሣቅ የሚታወቀው በአፍ ብቻ ሳይሆን በዓይን ዙሪያ ባለው ጡንቻ ነው። የሰውዬው ሣቅ ያለው በዓይናቸው ጠርዝ ባሉት ሦስት ቀጫጭን መሥመሮች ውስጥ ነበር፤ እነሱ ደግሞ ከፎቶግራፉ ጭረት ጋር አብረው ተጠርገዋል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀመርን። እናታችን ከሣጥን ውስጥ የሰውዬውን እውነተኛ ጋዋን አወጡልን። የቀኝ እጅጌው ጠርዝ በአዮዲን ቡናማ ሆኗል። ትከሻው ከአባቱ ትከሻ የሚመሳሰለው የበኩር ልጃቸው ለበሰውና በዚያው በር ላይ፣ ፀሐይ ከግራው በምትሆንበት ሰዓት አቆምነው። ካሜራውን እንደ ድሮው ፎቶግራፍ በደረት ከፍታ፣ ሦስት እርምጃ ያህል ርቀን ያዝነው፤ ቀርበን ብናነሣው ደረቱ ሰፍቶ ራሱ ትንሽ ይሆን ነበርና። ራሱንም እንደ አባቱ እንዲያዘነብል ነገርነው፤ ራስ ሲዘነብል አንዱ ትከሻ ስለሚወርድ ልብሱም ያንኑ መከተል አለበት።

አሮጌው ፎቶግራፍ በአንድ ኢንች 600 ነጥብ ሆኖ ወደ ኮምፒውተር ገባ። ፊቱ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ከላይ እስከ ታች 470 ነጥብ ገደማ ሆነ። በግድግዳው ላይ ፊቱ 8 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ስለፈለግን፣ በኢንች 150 ነጥብ ቀረን፤ ይህም ከሁለት እርምጃ ርቆ ለሚያይ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ማተለቅ ግን ያልነበረ ነገር መፍጠር ይሆናል። ባለሙያው ፊቱን ቆለፈው፤ ማለት ከፀጉር እስከ አንገት ያለውን ማንም እንዳይነካው ለብቻው አስቀመጠው። መቁረጫውንም በአገጩ ሥር ሳይሆን ዝቅ አድርጎ፣ የጋዋኑ አንገትጌ በሚሸፍነው ሥፍራ አደረገው፤ የአገጭ ጠርዝና የጢሙ ጥላ ከተነካ ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናልና።

አሁንም አንድ ነገር አልስማማ አለ። ሸሚዙ ጥቁር ነበር፤ ጋዋኑ ግን ነጭ ነው። ነጭ ልብስ ፀሐይን ወደ ላይ ይመልሳል፤ እውነተኛ ጋዋን የለበሰ ሰው ከአገጩ ሥር ያለው ጥላ ይቀላል። የሰውዬው ጥላ እንደ ጥቁር ሸሚዙ ጠቁሮ ስለቀረ ራሱ በጋዋኑ ላይ የተቀመጠ እንጂ ከውስጡ የወጣ አይመስልም ነበር። ባለሙያው አንገቱን ብቻ ጥቂት አፈካ፤ ወደ አገጩ ሲደርስ አቆመ። ከዚያም የአዲሱን ጋዋን ጥራት ቀንሶ በአሮጌው ፎቶግራፍ ላይ ያለውን ዓይነት ደቃቅ ነጠብጣብ ጨመረበት። ፈተናው ቀላል ነው፤ ፎቶግራፉን ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ማየት። ፊት ሲዘቀዘቅ ዓይን መሣቁን ይረሳና መጋጠሚያውን ያያል። እኛም ዘቅዝቀን አይተን አንድ ብሩህ መሥመር በአንገትጌው ላይ አገኘንና አስጠፋነው።

ለሁለተኛ ጊዜ ስንወስድላቸው እናታችን ወዲያው አልተናገሩም። ጣታቸውን በዓይኑ ጠርዝ ላይ አሳረፉ፤ ቀጥሎም በግራ ኪሱ ላይ። «እስኪርቢቶው የለም» አሉ። ጋዋኑን ስናነሣ ኪሱ ባዶ ነበር። ባለሙያው «ልጨምርላቸው?» ብሎ ጠየቀን፤ እኛ ግን ያልነበረውን አንጨምርም ስንል እናታችን ሣቁብን፤ «ነበረ እንጂ! እናንተ አላያችሁትም እንጂ ነበረ» አሉን። በዚህ ጉዳይ ክበባችን እስከ ዛሬ አልተስማማም።

ፎቶግራፉ ከግድግዳው በስተግራ፣ በሁለተኛው ረድፍ ተሰቅሏል፤ ኪሱ ባዶ ነው። ከሥሩ በትንሹ «ፊቱ በሽርጥ ከተነሡት ፎቶግራፍ፤ ጋዋኑ የራሳቸው፤ ልጃቸው ለብሶት በዚህ ዓመት የተነሣ» ተብሎ ተጽፏል። 9 በ12 የሆነውን እውነተኛውን ፎቶግራፍ ለቤተ ሰቡ መልሰናል።