የትኩረት ችግር ላለበት ተማሪ የሚጻፍ የሐኪም ደብዳቤ

የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም፣ ትኩረቱን መሰብሰብ ለሚቸገር ተማሪ በክፍል ውስጥ ምን ቢስተካከልለት እንደሚሻል ለትምህርት ቤቱ የሚገልጽበት ጽሑፍ ነው። የሚላከው በወላጅ ፈቃድ ነው፤ የሕመሙ ስም ባይጠቀስም ይሠራል።

በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መመሪያ በርከት ያሉ ምልክቶች ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት፣ ቢያንስም በሁለት ቦታ፣ ለምሳሌ ቤትና ትምህርት ቤት፣ መታየት አለባቸው ይላል። ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ መምህሩን ይጠይቃል።

ከይፋግ ወደ ባሕር ዳር ለምርመራ የመጣ የ4ኛ ክፍል ልጅ እናስብ። ከሰሌዳ 10 ጥያቄ ሲገለብጥ 3ኛው ላይ ይቆማል። «ይታገዝ» የሚል ደብዳቤ ለመምህሩ ምንም አይነግረውም። የሚጠቅመው እንዲህ ይላል፦ ከበርና ከመስኮት ርቆ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ ጥያቄዎቹ ሦስት ሦስት እየተደረጉ ይሰጡት፤ በክፍለ ጊዜው መሀል ዳስተር ለማራገፍ ይውጣ። ዕረፍት መከልከል ግን መቀጣጫ አይሁን፤ ሳይሮጥ የተመለሰ ልጅ ይብስበታል።

ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል ከሦስት በላይ ማስተካከያ መጠየቅ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ያስቀረዋል።

ከወር በኋላ ደብተሩ ይታያል፦ ስንቱን ጨረሰ? በቃል ሲጠየቅ እየመለሰ ከሰሌዳው ብቻ ከተሳነው፣ መጀመሪያ ዓይኑ ይመርመር።