ከዱላ ወደ ጥብጣብ

ልጅ አዝሎ ጤና ኬላ የሄደ ሰው ያውቃታል። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የተቀባች ቀጭን ጥብጣብ ነች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በልጁ ክንድ ላይ ትጠመጥማታለች፣ ቁጥሩን ታነባለች፣ በቃ አለቀ። ያያት ሰው «ይቺማ ሚዛን ሲጠፋ የምትወጣ ማስታገሻ ናት» ቢል አይፈረድበትም። እውነትም ስትጀምር እንደዚያ ነበረች። ለሃያ ዓመት ያህል ሰዎች ጉድለቷን ሊያርሙላት ደከሙ። በመጨረሻ ግን ጉድለት ያሉት ነገር ዋና ጥቅሟ ሆኖ ተገኘ። ይህ ጽሑፍ የሚተርከው ያንን ነው።

መነሻው አንድ ቀላል ምልከታ ነው። ደህና የሚመገብ ልጅ ከአንድ ዓመቱ እስከ አምስት ዓመቱ ክብደቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ግን እምብዛም አይለወጥም፤ ከ16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተነስቶ 17 ገደማ ይደርሳል። የሕፃንነት ስቡ ሲቀንስ ጡንቻው ይተካዋል። በ1960ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሕፃናት ሐኪሙ ዴሪክ ጄሊፍ ይህን ይዞ ተነሳ። በገጠር የልጅን ክብደት ብትመዝን እንኳ ዕድሜውን ካላወቅህ ቁጥሩ ብዙ አይነግርህም። እናትን «መቼ ተወለደ?» ብትላት «አጨዳ ላይ ነው» ልትልህ ትችላለች፤ የትኛው ዓመት አጨዳ እንደሆነ ግን ማን ያውቃል? ክንድ የልደት ቀን አይጠይቅም።

ሐሳቡ በእሳት የተፈተነው በናይጄሪያ ነው። በቢያፍራ ጦርነት ጊዜ (ከ1967 እስከ 1970) እርዳታ ሊሰጡ የገቡት ኩዌከሮች ልጆቹን አንድ በአንድ መመዘን አልቻሉም። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሚዛን ከባድ ነው፣ በመንገድ ይሰበራል። ስለዚህ አንድ ዱላ ሠሩ። መጀመሪያ የልጁን ክንድ በሜትር ይለካሉ፤ ከዚያ ልጁን በዱላው አጠገብ ያቆሙታል። ዱላው ላይ የተጻፈው ቁመት ሳይሆን፣ ለዚያ ቁመት የሚጠበቀው ዝቅተኛ የክንድ ልክ ነው። የልጁ አናት ክንዱ ከተጻፈበት መስመር በላይ ካለፈ ለቁመቱ ቀጭን ነው ማለት ነው፤ ምግብ ይሰጠዋል። መደመር የለ፣ መቀነስ የለ፣ ሠንጠረዥም የለ። ዱላውን በስማቸው «ኩዋክ» አሉት።

ልብ በሉ፤ ዱላው እርማት ነው። «ትልቅ ልጅ ትንሽ ወፈር ያለ ክንድ ይኖረዋል፣ ስለዚህ በቁመት እናስተካክለው» የሚል ሐሳብ አለበት። ምክንያታዊ ይመስላል።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ባግዳድ ላይ አድናን ሻኪር ከእንግሊዛዊው ዴቪድ ሞርሊ ጋር ዱላውን ተዉት። ያገለገለ የራጅ ፊልም አጥበው በቀጭኑ ቆረጡና ቀለም ቀቡት። ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ እስከ 13.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ፊልሙ ጨርቅ አይደለምና አይለጠጥም፤ ማንበብ የማይችል ሰውም ቀለም ያያል። ግን ጥያቄው ቀረ፦ ያልታረመ ቁጥር ይታመናል ወይ?

መልሱ የመጣው ከባንግላዴሽ፣ ማትላብ ከሚባል ወረዳ ነው። እዚያ የእያንዳንዱ ቤት ልደትና ሞት ይመዘገብ ስለነበር፣ ልጆችን ለክቶ ማን እንደሞተ ቆይቶ ማየት ይቻል ነበር። መጀመሪያ አልፍሬድ ሶመርና ባልደረባው በዱላው ከ8 ሺህ በላይ ልጆች ለክተው ለአንድ ዓመት ተኩል ተከታተሉ፤ ለቁመታቸው ክንዳቸው የቀጠነ ልጆች በብዛት ሞተው ተገኙ። ቀጥለው የመጡ ተመራማሪዎች፣ በተለይ አንድሬ ብሪየን፣ ሌላ ነገር ጠየቁ። ሞትን ከሁሉ ቀድሞ የሚናገረው የትኛው ልኬት ነው? ክብደት ለቁመት? ክንድ ለቁመት? ወይስ ባዶው ክንድ? ባዶው ክንድ፣ ዕድሜም ቁመትም ሳይጨመርበት፣ ከታረሙት አላነሰም፤ እንዲያውም በለጠ።

ለምን? ሁለት ልጆች እናስብ። አንዷ የአሥር ወር ልጅ፣ ክንዷ 11.3 ሴንቲ ሜትር። ሌላው የአራት ዓመት ልጅ፣ ክንዱ 12.4። እያንዳንዳቸውን ከእኩዮቻቸው ጋር ካወዳደርን ሁለቱም በጣም ቀጭን ይባላሉ። በዛሬው ጥብጣብ ግን ሕፃኗ ቀይ ላይ ትወድቃለች፣ ልጁ ቢጫ ላይ። ይህ አድልዎ ነው፤ ጥብጣቧ ለትንንሾቹ ታደላለች። ተቅማጥ ወይም የሳንባ ምች ቢመጣ ግን ቀድማ የምትሞተው ሕፃኗ ነች። ዕድሜን ስናርም የምናጠፋው ይህንኑ መረጃ ነው። ሌላም አለ፦ ክንድ በአብዛኛው የሚለካው ጡንቻን ነው፤ የታመመ ሰውነት ደግሞ ሲቸግረው የሚበላው ጡንቻውን ነው።

ይህ እውቀት ወደ ሥራ ለመግባት ግን ዘገየ፤ ዋጋውን የከፈሉት እናቶች ናቸው። ለረጅም ጊዜ ልጅ በመንደር በክንድ ይለይና ሕክምና ማዕከል ሲደርስ በክብደትና በቁመት እንደገና ይመዘን ነበር። ሁለቱ ልኬቶች ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ልጆችን አይመርጡም። እናት ቤቷን ጥላ፣ ልጇን አዝላ ብዙ ሰዓት ተጉዛ ትደርሳለች፤ «የእርስዎ ልጅ አይገባም» ትባላለች። ተናድዳ ትመለሳለች፤ ወሬው ለጎረቤት ይደርሳል፤ በሚቀጥለው ሳምንት እውነተኛ ቀይ ያላትም እናት ትቀራለች። መፍትሔው ያ መንደር ላይ የለየው ክንድ ራሱ ማስገቢያ እንዲሆን ማድረግ ነበር። በ2000 በሀዲያ ባዳዋቾ በለውዝ ቅባት ልጆችን ማዕከል ሳይተኙ በየቤታቸው ማከም ሲሞከር ደግሞ፣ ሕክምናው ራሱ ወደ መንደር መጣ። በ2009 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከ6 እስከ 59 ወር ላሉ ልጆች የከባድ ምግብ እጥረት ወሰኑን ከ11 ወደ 11.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደረጉት።

ግማሽ ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይመስላል። ግን ጥብጣቧን ጠበቅ አድርጎ የሳበ እጅ በቀላሉ ያጠፋዋል። ቆዳው ከተጨማደደ ጠብቋል፣ በሥሯ ብርሃን ከታየ ላልቷል። ክርን ታጥፎ ከትከሻ ጫፍ እስከ ክርን ጫፍ ይለካል፣ አጋማሹ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ከዚያ እጁ ተፈትቶ ተንጠልጥሎ ይለካል። ቁጥሩ ወሰን ላይ ከሆነ ደግሞ ደግሞ መለካት ነው።

አንድ ነገር ግን ጥብጣቧ ፈጽሞ አታይም፤ እብጠትን። በምግብ እጥረት ያበጠ ልጅ ክንዱ አረንጓዴ ላይ ሊውል ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን እግሮቹን በአውራ ጣት ለሦስት ሰከንድ ያህል መጫን ነው፤ ጉድጓዱ ካልሞላ፣ በሁለቱም እግር ከሆነ፣ ጥብጣቧ ምንም ብትል ልጁ ከባድ በሽተኛ ነው።

ለአዋቂዎችም ነገሩ ያው በችግር ጊዜ ተጀመረ። በ1992ቱ የሶማሊያ ረሃብ ባይደዋ ላይ ስቲቭ ኮሊንስ የሚባል ሐኪም ያከማቸው ሰዎች ሚዛን ላይ መቆም አልቻሉም፤ ጎብጠዋልና ቁመታቸውም አይለካም። ክንዳቸው ግን ተኝተውም ይለካል። ከ16 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነውን ያለ ሌላ ምልክት እንዲገባ ሐሳብ አቀረበ። ለአዋቂ ግን እንደ ልጆቹ ዓለም የተስማማበት አንድ ቁጥር የለም፤ ለነፍሰ ጡር እንኳ አንዱ አገር 21፣ ሌላው 23 ይላል።

ወዲያ ኒጀር ውስጥ ደግሞ የመጨረሻው እርማት ተቀነሰ። ጥብጣቧን ለእናቶች ሰጧቸው፤ አጋማሹን በዓይን ግምት እንዲይዙ ነገሯቸው። የእናቶቹ ውጤት ከጤና ሠራተኞቹ እምብዛም አልራቀም። እናት ደግሞ ልጇን በፈለገች ቀን ትለካለች፤ ቀዩን ለማየት የዘመቻ ቀን አትጠብቅም።