የጠገራ ብር ዜና፦ በትምህርት ቤት ዐውደ ርእይ ከብሩ ሥር ስለሚጻፈው

በ1733 ዓመተ ምሕረት በኦስትሪያ ማሪያ ቴሬዛ የተባሉ ንግሥት ነገሡ። አርባ ዓመት ገዝተው በኅዳር 1773 ዓ.ም. አረፉ፤ ይህም በፈረንጅ አቆጣጠር 1780 ነው። በዘመነ መንግሥታቸው በአንድ ወገን መልካቸው፣ በሌላው ወገን ባለ ሁለት ራስ ንስር የተቀረጸበት ትልቅ የብር ገንዘብ ይወጣ ነበር። ነጋዴዎች በምሥራቅ ገበያዎች አለመዱት፤ በምጽዋም በኩል ወደ ሀገራችን ገባ። ንግሥቲቱም ከሞቱ በኋላ ነጋዴው የለመደው ያንኑ ስለ ነበረ፣ የተኳቸው ነገሥታት መልኩንም ዓመቱንም ሳይለውጡ ማስመታቱን ቀጠሉ። እንዲህም ሆኖ 1780 የሚለው ቍጥር በብሩ ላይ ቆመ። የሀገራችን ሰው ጠገራ ብር፣ ማርትሬዛም ብሎ የጠራው ይህ ነው።

ይህ ብር በትምህርት ቤቶች ዐውደ ርእይ ሲቀርብ ከሥሩ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ «በ1780 የተሠራ የኦስትሪያ ገንዘብ» የሚል ነው። ጽሑፉ ሁለት ነገር ያስታል እላለሁ። ዘመኑን ያስታል፤ ቍጥሩ የንግሥቲቱ የመጨረሻ ዓመት እንጂ ብሩ የተመታበት ዓመት ላይሆን ይችላልና። ባለቤቱንም ያስታል፤ በጠረጴዛው ላይ ያለው ብር የኛ ሀገር ዕቃ የሆነው በተሠራበት ቦታ ሳይሆን በዋለበት ሥራ ነውና።

ከዘመኑ እንጀምር። ከንግሥቲቱ መልክ ሥር ኤስ እና ኤፍ የሚባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ። እነዚህ በጉንዝቡርግ ከተማ ብር ማተሚያ ቤት ይሠሩ የነበሩ የሁለት ሹማምንት ስሞች መነሻ ፊደላት ናቸው። ጉንዝቡርግ ገንዘብ መምታት ካቆመች ሁለት መቶ ዓመት አልፏል፤ ፊደላቱ ግን በቪየና፣ በሚላኖና በቬኒስ በተመቱትም ላይ አሉ፤ ገበያው ለምዷቸዋልና። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ በመንገዱ እህልና አጋሰስ የሚገዛበት ሌላ ገንዘብ ስላልነበረው ከአራት ሚሊዮን የሚበልጥ ጠገራ ብር አሰባስቧል፤ አብዛኛውም በቪየና ለዚሁ ጦርነት አዲስ የተመታ ነው። በ1927 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ሀገራችንን ሊወር ሲዘጋጅ የብሩን ማኅተም ከኦስትሪያ ተቀብሎ በሮም ማስመታት ጀመረ። እንግሊዞችም በበኩላቸው በለንደን፣ ኋላም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወራት በቦምቤይ መቱ። እነዚህ ሁሉ በየፊታቸው 1780 ይላሉ። እንግዲህ አንድ ተማሪ በእጁ የያዘው ብር መቅደላ የዘመተ ይሁን፣ ለወራሪው ጦር ስንቅ የተከፈለበት ይሁን ከቍጥሩ ሊያውቅ አይችልም።

«መንግሥት የሚያወጣው ገንዘብ ሐሰተኛ ዓመት ሊሸከም እንዴት ይችላል?» የሚል ይኖራል። ለዚህ መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ከገዛ ሀገራችን ገንዘብ ይገኛል። 1936 የሚል ዓመት ያለባቸው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የመዳብ ሳንቲሞች እስከ ንጉሡ ዘመን ፍጻሜ ድረስ ያው ዓመት ሳይለወጥባቸው ሲታተሙ ኖረዋል። አያቶች ቤት የተቀመጠውን አንዱን ሳንቲም አንሥቶ «ይህ በ1936 ተሠራ» ማለት፣ ጠገራውን «በ1780 ተሠራ» ከማለት ጋር አንድ ዓይነት ስሕተት ነው። ሁለቱም ማኅተሙ ስለ ተቀረጸበት ዘመን እንጂ ብረቱ ስለ ተመታበት ቀን አይናገሩም።

«ታዲያ ሚዛን ላይ አስቀምጠን አንለየውም ወይ?» ለሚልም የሚዛንን ልክ ማወቅ ይገባል። ትክክለኛው ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከስድስት እጁ አምስቱ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ በክር አንጠልጥሎ መስመር ባለው የመስታወት ሲሊንደር ውኃ ውስጥ ቢያስገቡት፣ ውኃው የሚነሣው ከ3 ሚሊ ሊትር ጥቂት ባነሰ ልክ ነው። ያንኑ ክብደት ይዞ ከ3 ሚሊ ሊትር በላይ የሚያስነሣ ከሆነ ከናስ ወይም ከሌላ ቀላል ብረት የተሠራ ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚገልጠው ብሩ እውነተኛ ብር መሆኑን ብቻ ነው፤ ሮምም ለንደንም ቪየናም በዚያው ሚዛን ነው የመቱት። የተመታበትን ቦታ የሚለዩት ባለሙያዎች የንስሩን የጅራት ላባ አደራደርና የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ ቅርጽ በማጉያ መነጽር እየመረመሩ ነው። ያንን ያላደረገ ሰው ዘመኑን ባይቆርጥ ይሻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፦ «የባዕድ ንግሥት መልክ ያለበት ገንዘብ ስለ ምን የሀገር ቅርስ ተብሎ ይቀመጣል? የዐፄ ምኒልክ ብር ሳለ!» የሚለው ነው። የምኒልክ ብር ክብሩ የታወቀ ነው፤ በ1887 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ መልክና በዘውዳዊው አንበሳ ተቀርጾ በፓሪስ ታተመ፤ ከዐውደ ርእዩም መጉደል የለበትም። ሆኖም የሆነውን ነገር መመልከት ግድ ነው። የምኒልክ ብር ሚዛኑ ከጠገራው ጋር እንዲተካከል ሆኖ ቢሠራም፣ ከከተማ ርቆ ያለው ገበሬና ነጋዴ ለብዙ ዘመን የመረጠው ጠገራውን ነበር። ባለ ገበያው ብሩን ሲቀበል ዝም ብሎ አይቀበልም፤ የዘውዷንና የትከሻ ጌጧን እንቍ በጣቱ ይዳስሳል፣ ነጥቦቹ ጎልተው እንደሆነ ያያል፣ ፊደላቱን ይመረምራል፣ በድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ይሰማል። የተላጠውን ወይም ነጥቡ የጠፋውን ይመልሳል። ኢጣልያኖች በ1910 ዓ.ም. ንግሥቲቱን የምትመስል ሴት ቀርጸው የራሳቸውን ታለር ለኤርትራ ቢያወጡ ሰው አልተቀበለውም። ያን ገንዘብ የጣለው አዋጅ ሳይሆን የገበያው ሰው ዓይንና ጣት ነው። በወረራው ዘመንም ፋሺስቶች የወረቀት ሊራን ሊያለምዱ ሲሞክሩ፣ ሰው ጠገራውን ደበቀ እንጂ በወረቀቱ አልታመነም። ገንዘቡን የመረጠ፣ የመረመረ፣ የመለሰ፣ በስውር ያቆየ ሕዝብ ካለ፣ የገንዘቡ ታሪክ የዚያ ሕዝብ ነው። የተሠራበት ሀገር ስም ይህን አይሽረውም።

ከነጻነት በኋላም መንግሥት ይህን የሕዝብ ልማድ አልናቀውም። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ወረቀቱ ብቻውን አልመጣም፤ ሰው በብር ብቻ እንደሚያምን ታውቆ ከአሜሪካ በተገኘ ብር ባለ ሃምሳ ሳንቲሙ ተመታ። ጠገራውም ከሕጋዊ መገበያያነት እየወጣ በየሣጥኑና በየአንጥረኛው ቤት ቀረ፤ ብዙውም ቀልጦ መስቀልና አንባር ሆነ።

ስለዚህ ከብሩ ሥር የሚጻፈው እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «ጠገራ ብር። የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት። 1780 የሚለው በፈረንጅ አቆጣጠር የንግሥቲቱ የሞት ዓመት ነው፤ ብሩ ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን ወይም በሌላ ከተማ የተመታ ሊሆን ይችላል። እስከ 1937 ዓ.ም. ድረስ በኢትዮጵያ ገበያ ዋና መገበያያ ሆኖ አገልግሏል።» ብሩን ያመጣው ቤተሰብ ከማን እጅ እንዳገኘው የሚያውቅ ከሆነ ያም ይጨመር፤ መምህራንም ጽሑፉን ከመለጠፋቸው በፊት ያንን ይጠይቁ።