ዝርዝር ዓላማ፣ በሒሳብ የዕለት ትምህርት ዕቅድ
ተማሪው በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ሠርቶ የሚያሳየውን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር። «መደመርን ይረዳሉ» አይለካም፤ መረዳት በዓይን አይታይምና። በብቸና ወይም በሞጣ 2ኛ ክፍል ለሚያስተምር መምህር የሚበጀው፣ «ተማሪዎች በእጅ የሚያዝ ካለባቸው 5 የባለሁለት አኃዝ ቁጥሮች የድምር ጥያቄዎች ቢያንስ 4ቱን በትክክል ይሠራሉ» የሚለው ነው።

ተግባሩም ከዓላማው ግስ ጋር መግጠም አለበት። ለ27 + 15 ልጆቹ ጭራሮ በአሥር በአሥር ያስራሉ፤ 7 እና 5 ነጠላዎች 12 ሲሆኑ አሥሩን አስረው ከሌሎቹ እስሮች ጋር ያኖራሉ። 4 እስርና 2 ነጠላ፣ 42 ይሆናል። ከዚያ ያንኑ በደብተራቸው ይሠራሉ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሠርቶ ክፍሉ በኅብረት ከመለሰ ግን ማን እንደቻለ አይታወቅም። 312 ብሎ የጻፈ ልጅ አሥሩን በእጁ አልያዘም፤ ወደ ጭራሮው ይመለስ።