ባለቤቱ የሞተበት ቁልፍ

በነቀምቴ አንድ መሥሪያ ቤት ሂሳቡን በየሌሊቱ በኮምፒዩተር ይዘጋል እንበል። አንዱ ሥራ ሳያልቅ ሌላው ቢጀመር፣ ያው ክፍያ ሁለት ጊዜ ሊመዘገብ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1979 ከዩኒክስ 7ኛ እትም ጋር የወጣው ዩዩሲፒ ይህን መሰሉን ግጭት የሚከላከለው ስሙ በLCK የሚጀምር ፋይል በመፍጠር ነበር፤ ፋይሉ ካለ ተከታዩ ይመለሳል። ሆኖም መብራት ድንገት ቢጠፋ ሥራው ይሞታል፤ ፋይሉ ግን በዲስኩ ላይ ቀርቶ የማግስቱን ሥራ ያግዳል። ያረጀው ፋይል ይሰረዝ ቢባል ደግሞ፣ የዘገየ ሥራ በሕይወት ሳለ ቁልፉን ይነጠቃል።

እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው 4.2 ቢ.ኤስ.ዲ. ቁልፉን በከርነሉ እጅ አኖረው፤ ሥራው ሲሞት ቁልፉም አብሮ ይለቀቃል። ዛሬ በሊኑክስ እንዲህ ይጻፋል፦

```
flock -n /var/lock/hisab.lock ./hisab
```

ባዶው ፋይል ቢቀር አይጎዳም፤ ሊሰረዝም አይገባም። ያው ሥራ በነቀምቴና በጊምቢ ካሉ ሁለት ኮምፒዩተሮች የሚነሣ ከሆነ ግን፣ ቁልፉ ሁለቱ በሚጋሩት የመረጃ ቋት ውስጥ መቀመጥ አለበት።